ኢንዲኬተር ዘግይቶ ይናገራል
ለአንዲት አዲስ የክለባችን አባል የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ እህቴ፣

ባለፈው ቅዳሜ ቻርትሽን ስታሳይኝ ሦስት ኢንዲኬተር ደርድረሽበት ነበር፤ ሦስቱም «ግዢ» ይላሉ። «ሦስቱም ከተስማሙ ምን ይጎድላል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ ቆሞ በሚወራ ወሬ የሚመለስ ግን አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ወረቀትና ካልኩሌተር ብትይዢ ጥሩ ነው፤ ቁጥሮቹን ራስሽ ስትደምሪያቸው ነው ነገሩ የሚገባሽ።

ከቀላሉ እንጀምር። አንድ አክሲዮን አምስት ቀን በተከታታይ በ100፣ በ102፣ በ104፣ በ106 እና በ108 ዶላር ዘጋ እንበል። የአምስቱን ቀን አማካይ ስታወጪ 104 ይመጣል። ዋጋው ዛሬ 108 ነው፤ አማካዩ የሚነግርሽ ግን ከሁለት ቀን በፊት የነበረውን ዋጋ ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዋጋ በእኩል እርምጃ ሲጓዝ፣ ተራ ሙቪንግ አቬሬጅ ወደ ኋላ የሚቀርበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ የቀኖቹን ቁጥር ወስደሽ አንድ ትቀንሺና ለሁለት ታካፍያለሽ። ለአምስት ቀን አማካይ ሁለት ቀን ነው። ለ50 ቀን አማካይ ወደ 25 የገበያ ቀን ይሆናል። ለ200 ቀን አማካይ ደግሞ 100 የገበያ ቀን ገደማ ነው፤ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው።

አሁን ገበያው ይዙር። በስድስተኛው ቀን አክሲዮኑ ወርዶ በ106 ዘጋ። የመጀመሪያውን 100 ትጥያለሽ፣ አዲሱን 106 ታስገቢያለሽ፤ አማካዩ 105.2 ይሆናል። ዋጋው ወርዷል፣ መስመሩ ግን ከ104 ወደ 105.2 ወጥቷል። በሰባተኛው ቀን በ104 ዘጋ፤ አማካዩ 105.6 ሆነ፣ አሁንም እየወጣ ነው። በስምንተኛው ቀን በ102 ሲዘጋ ነው መስመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች የዞረው። እስከዚያ ድረስ ዋጋው ከጫፉ 6 ዶላር ወርዷል። እዚህ ውስጥ የተሳሳተ ስሌት የለም፤ መስመሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ሥራው ያለፉትን ቀናት ማመዛዘን ስለሆነ፣ አዲሱ ቀን የሚያመጣው ለውጥ በአሮጌዎቹ ቀናት ክብደት ይታፈናል።

ይህ መዘግየት በገንዘብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የ2020ን ወረርሽኝ ወቅት ገበያ እንመልከት። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ፣ ቻርትሽ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ።) ኤስ ኤንድ ፒ 500 ፌብሩዋሪ 19 ቀን በ3,386 ዘግቶ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ተናደ፤ ማርች 23 ቀን በ2,237 ዘጋ። በአንድ ወር ከሦስት እጅ አንዱ ጠፋ ማለት ነው።

በዚህ ወቅት ብዙ ሰው የሚጠብቀው «ዴዝ ክሮስ» የሚሉትን ምልክት ነበር፤ የ50 ቀኑ አማካይ ከላይ መጥቶ የ200 ቀኑን ቆርጦ ሲወርድ የሚታየውን። ምልክቱ የታየው ማርች 30 ቀን ነው። ልብ በይ፤ ገበያው ወለሉን ከነካ ሳምንት አልፎታል። በዚያ ቀን ኢንዴክሱ 2,627 አካባቢ ነበር፤ ከወለሉ 17 በመቶ ተመልሶ ወጥቷል። በምልክቱ የሸጠ ሰው የውድቀቱን መከራ ሁሉ ተሸክሞ፣ መነሳቱ ሲጀምር ወጣ።

ይኸው ሰው ተመልሶ ለመግባት ተቃራኒውን ምልክት፣ «ጎልደን ክሮስ»ን ጠበቀ እንበል። እሱ የመጣው በጁላይ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ፣ ኢንዴክሱ ወደ 3,150 በደረሰ ጊዜ ነው። ከሸጠበት ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ ገዛ ማለት ነው። ኦገስት 18 ቀን ገበያው የፌብሩዋሪውን ጫፍ አለፈ። ምንም ሳያደርግ ቁጭ ያለ ሰው ገንዘቡ ሲመለስለት፣ ምልክቱን በታማኝነት የተከተለው ግን ገና ኪሳራ ላይ ነበር።

ገበያውን ማርች 23 ቀን ምን አዞረው? በዚያን ቀን ጠዋት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሚያስፈልገውን ያህል ቦንድ እንደሚገዛ፣ ጣሪያ እንደማያደርግበት አስታወቀ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ኮንግረስ ያጸደቀው ትልቁ የድጎማ ሕግ ተፈረመ። እነዚህ ነገሮች በሃምሳ ቀን የመዝጊያ ዋጋ ውስጥ አልነበሩም፤ ሊኖሩም አይችሉም። መስመሩ የሚያውቀው የዘጋ ዋጋን ብቻ ነው።

ይህን ስትሰሚ «ታዲያ ለምን አንጥለውም?» ልትዪ ትችያለሽ። አትጣይው። የ2007ቱን ተመልከቺ። ያኔ ገበያው ኦክቶበር 9 ቀን በ1,565 ጫፉን ነካ፤ ዴዝ ክሮሱ በዲሴምበር መጨረሻ፣ ኢንዴክሱ 1,480 ገደማ ሳለ ታየ። ዘግይቷል፤ ግን ከጫፉ የራቀው በ5 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ገበያው ከአንድ ዓመት በላይ እየወረደ ሄዶ ማርች 9 ቀን 2009 በ677 ዘጋ። በምልክቱ የወጣ ሰው ግማሽ ገንዘቡን አተረፈ። ጎልደን ክሮሱ በጁን 2009 ሲመጣ ኢንዴክሱ 900 ገደማ ነበር፤ ይህም ከወለሉ በጣም ርቆ ነው፣ ግን ከሸጠበት ብዙ ዝቅ ብሎ ገዛ።

ያው መስመር፣ ያው ስሌት ነው፤ ውጤቱን የለየው የገበያው ፍጥነት ነው። መዘግየቱ በቀን ሲለካ ያው ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ቀን ውስጥ ዋጋው የሚጓዘው ርቀት ይለያያል። ውድቀቱ አንድ ዓመት ተኩል ከፈጀ ሁለት ወር መዘግየት ብዙ አይጎዳም። ውድቀቱ በአምስት ሳምንት ካለቀ ግን ምልክቱ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ አብቅቷል። ችግሩ ደግሞ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ቆመሽ የትኛው ዓይነት እንደመጣብሽ ኢንዲኬተሩ ሊነግርሽ አለመቻሉ ነው።

ብዙዎች የሚሞክሩት መፍትሔ ቀኖቹን ማሳጠር ነው። ለ50 ቀን 20፣ ለ20 ቀን 9 ያደርጉታል። እውነት ነው፣ መዘግየቱ ይቀንሳል። ግን አማካይ የምናወጣው የዕለት ተዕለቱን ግርግር ለማለስለስ ነበር፤ ቀኖቹን ስታሳጥሪ ግርግሩ ተመልሶ ይገባል፤ መስመሩም ለትንሹም ለትልቁም ይዞራል። ለቅርብ ቀናት ክብደት የሚሰጠው ኤክስፖኔንሻል አማካይም ያንኑ ያደርጋል፤ መዘግየቱን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ደግሞ ረጅሞቹ መስመሮችም ቢሆኑ ከሐሰት ምልክት አይድኑም። በ2015 እና በ2016 ገበያው አቅጣጫ አጥቶ ወደ ጎን ሲንገላታ፣ የ50 እና የ200 ቀኑ መስመሮች በስምንት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተቆራረጡ፤ በኦገስት ወደ ታች፣ በዲሴምበር ወደ ላይ፣ በጃንዋሪ ወደ ታች፣ በኤፕሪል ወደ ላይ። በእያንዳንዱ ምልክት የሸጠና የገዛ ሰው ሁለቱንም ጊዜ ከሸጠበት ዋጋ አስበልጦ ነው መልሶ የገዛው። ገበያው አቅጣጫ ሲኖረው መስመር ዘግይቶም ቢሆን ይጠቅማል፤ አቅጣጫ ሲያጣ ግን መዘግየቱ ራሱ ወጥመድ ይሆናል፤ መስመሩ «ወጥቷል» ሲል መውጣቱ አልቋል፣ «ወርዷል» ሲል መውረዱ አልቋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ቻርትሽ ላይ የነበሩት ሙቪንግ አቬሬጅ፣ ማክዲ እና አር ኤስ አይ ናቸው። ማክዲ ምን እንደሆነ ቆርሰሽ እዪው። የ12 ቀን ኤክስፖኔንሻል አማካይ ይወሰዳል፤ ከእሱ የ26 ቀኑ ይቀነሳል። ይህ አንደኛው መስመር ነው። ከዚያ የዚያ መስመር የ9 ቀን አማካይ ይወጣና ሲግናል ይባላል። የሁለት አማካዮችን ልዩነት ወስዶ እንደገና ማማከል ነው። የሚገባው ጥሬ ዕቃ አሁንም የመዝጊያ ዋጋ ብቻ ነው።

አር ኤስ አይን ዌልስ ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ነው ያስተዋወቀው። ባለፉት 14 ቀናት አክሲዮኑ በወጣባቸው ቀናት ያገኘውን አማካይ ጭማሪ፣ በወረደባቸው ቀናት ካጣው አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ቁጥሩ 70 ሲሆን አማካይ ጭማሪው ከአማካይ ቅናሹ 2.3 እጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። «ከልክ በላይ ተገዝቷል» የሚለው ስያሜ ሰው የለጠፈበት ነው። ጠንካራ አክሲዮን ከ70 በላይ ለሳምንታት ተቀምጦ መውጣቱን ሊቀጥል ይችላል፤ በመጀመሪያው 70 የሸጠ ሰው ትልቁን ጉዞ ቆሞ ያየዋል።

አንዳንድ አስተማሪዎች አር ኤስ አይን «ቀድሞ የሚናገር» ይሉታል። መሠረት የለውም አልልሽም። ፍጥነትን ስለሚለካ፣ ዋጋው ገና እየወጣ ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ ሊዞር ይችላል። ነገር ግን ፍጥነት መቀነስና መዞር ሁለት ነገር ናቸው። አክሲዮን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አርፎ፣ እንደገና ይነሳል፤ ያ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሁለት ሦስት ጊዜ ታይቶ ሳይፈጸም የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንግዲህ የሦስቱ ስምምነት ምን ዋጋ አለው? ሽምግልና ተቀምጠሽ ሦስት ምስክር ቀረበልሽ እንበል፤ ስትጠይቂያቸው ሦስቱም ነገሩን የሰሙት ከአንድ ሰው ነው። ያለሽ አንድ ምስክር ነው። የቻርትሽ ሦስት ኢንዲኬተሮች እንዲሁ ናቸው፤ ሁሉም የሰሙት ከአንድ የመዝጊያ ዋጋ ዝርዝር ነው። አክሲዮኑ ሁለት ሳምንት ከወጣ ሦስቱም «ወጥቷል» ማለታቸው የግድ ነው። አራተኛና አምስተኛ ብትጨምሪም መተማመንሽ ይጨምራል እንጂ ማስረጃሽ አይጨምርም። ለአዲስ ሰው ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል፤ መተማመን ሲጨምር የሚገዛው ብዛትም ይጨምራልና።

ሌላ ምስክር ከየት ይመጣል? ከተለያየ ምንጭ መሆን አለበት። ቮልዩም አንዱ ነው፤ ስንት አክሲዮን እጅ እንደለወጠ ይነግርሻል፤ ይህን ከመዝጊያ ዋጋ ልታሰዪው አትችዪም። ሁለተኛው የዋጋው ቦታ ነው፤ ከዚህ በፊት የት ላይ ወርዶ ተመለሰ፣ የት ላይ ወጥቶ ተመታ። ይህም ያለፈ ዋጋ ነው፤ ግን ሳይማከል፣ ገዢና ሻጭ በትክክል የተፋጠጡበትን ቁጥር ያሳይሻል። ሦስተኛው ካላንደሩ ነው፤ ድርጅቱ ገቢውን የሚያሳውቅበት ቀን፣ የማዕከላዊ ባንኩ ስብሰባ።

በምሳሌ ላሳይሽ። ሂሳብሽ ውስጥ 5,000 ዶላር አለ፤ በአንድ ትሬድ ከ1 በመቶ፣ ማለትም ከ50 ዶላር በላይ ላለማጣት ወስነሻል። አንድ አክሲዮን ባለፉት ሁለት ወራት ሁለት ጊዜ 38 ዶላር ድረስ ወርዶ ተመልሷል፤ ከላይ 46 ላይ ተመትቶ ያውቃል። የ200 ቀኑ አማካይ 35 ላይ ሆኖ እየወጣ ነው፤ እሱን የምትጠቀሚበት ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰፊው አቅጣጫ ወዴት ነው? ዋጋው አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ከ38 ተነስቶ 40 ደርሷል፤ በተነሳባቸው ቀናት ቮልዩሙ በወረደባቸው ቀናት ከነበረው ይበልጣል። የገቢ ማሳወቂያው ገና ሳምንታት ይቀሩታል።

በ40 ብትገዢ፣ ሐሳብሽ ስህተት መሆኑ የሚታወቀው ዋጋው ከ38 በታች ሲወርድ ነው፤ ስቶፕሽን 37.50 ላይ ታደርጊያለሽ። በአንድ አክሲዮን የምታጪው 2.50 ነው። 50 ሲካፈል ለ2.50፣ 20 አክሲዮን፤ 800 ዶላር ታወጫለሽ። እስከ 46 ያለው መንገድ 6 ዶላር ነው። 2.50 አደጋ ላይ ጥለሽ 6 ትፈልጊያለሽ።

አሁን ያንኑ አክሲዮን ኢንዲኬተሩ «ግዢ» እስኪል ጠብቀሽ ግዢ። መስመሮቹ ሲቆራረጡ ዋጋው 43 ደርሷል። የስህተትሽ ቦታ አልተለወጠም፤ 38 ያው 38 ነው። ስቶፑ 37.50 ላይ ከሆነ በአንድ አክሲዮን የምታጪው 5.50 ሆነ፤ እስከ 46 የቀረው ግን 3 ዶላር ብቻ ነው። 5.50 አደጋ ላይ ጥለሽ 3 ለማግኘት ነው ማለት ነው። «ስቶፑን ወደ 42 ላምጣው» ብትዪ፣ 42 ላይ ገዢ የሚጠብቅበት ምክንያት ስለሌለ የዕለቱ ተራ መወዛወዝ ጥሎሽ ይሄዳል፤ ከዚያ ዋጋው ያለአንቺ 46 ይደርሳል። ምልክቱ ልክ ነበር፤ አክሲዮኑ ወጥቷል። ትሬዱ ግን ሊያዋጣ አይችልም ነበር። መዘግየት ሐሰት መናገር እንዳልሆነ፣ ግን እውነቱን ከጥቅሙ ሰዓት በኋላ ማምጣት እንደሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ስቶፕ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስቶፕ 37.50 ላይ አለ ማለት በ37.50 ትወጫለሽ ማለት አይደለም። ድርጅቱ ማታ መጥፎ ዜና አውጥቶ አክሲዮኑ ጠዋት በ33 ቢከፍት፣ የምትሸጪው በ33 አካባቢ ነው። ካላንደሩን እንድታዪ የምወተውትሽ ለዚህ ነው፤ ምንም ዓይነት ኢንዲኬተር የማሳወቂያውን ቀን አያውቅም።

ቻርቱ ላይ ወደ ኋላ ስታዪ ምልክቶቹ ሁሉ የተዋጣላቸው የሚመስሉት ዓይን ስለሚያታልል ነው። መቆራረጡንና ከእሱ በኋላ የመጣውን ትልቅ ጉዞ ያያል፤ በመቆራረጡ ቀን ዋጋው የት እንደነበረ አያይም። በተጨማሪም ቀኑ ሳይዘጋ ኢንዲኬተሩ ያለበት ቦታ ጊዜያዊ ነው። ከሰዓት በኋላ በሰባት ሰዓት የተቆራረጠ መስመር ገበያው ሲዘጋ ተላቅቆ ሊገኝ ይችላል፤ በማግሥቱ ቻርቱን ስትከፍቺ ያ ምልክት ምንም አሻራ የለውም። አንዳንድ ኢንዲኬተሮች ደግሞ፣ ለምሳሌ ዚግዛግ፣ አዲስ ዋጋ ሲመጣ የቀድሞ መስመራቸውን ራሳቸው መልሰው ይስላሉ። ወደ ኋላ ስታዪያቸው ጫፍና ወለልን ሁሉ ያገኙ የሚመስሉት ለዚህ ነው፤ በዕለቱ ግን እዚያ አልነበሩም።

ስለዚህ ለመጪው ቅዳሜ ይህን ሥሪልኝ። በምትጠቀሚበት ፕሮግራም ላይ ሪፕሌይ የሚለውን ከፍተሽ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሪ፤ የወደፊቱ ተሸፍኖ አንድ አንድ ቀን እየጨመርሽ ሂጂ። ከሦስቱ ኢንዲኬተሮች አንዱን ብቻ አስቀሪ። ምልክት በሰጠ ቁጥር፣ ቀኑ ከዘጋ በኋላ፣ ደብተርሽ ላይ አራት ቁጥር ጻፊ፤ የመዝጊያውን ዋጋ፣ ከምልክቱ በፊት የነበረውን የቅርብ ወለል፣ ስቶፑ የሚቀመጥበትን፣ እና እስከ ቀድሞው ጫፍ የቀረውን ርቀት። አጠገቡ የዚያን ቀን ቮልዩም ከባለፉት ቀናት ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ምልክት አድርጊ። የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን ለመገመት አትቸኩይ፤ መጀመሪያ ቁጥሮቹ ይሰብሰቡ። ሃያ ያህል ሲሞሉ ይዘሽ ነይና አብረን እንያቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የክለቡ ታላቅ ወንድምሽ